የጠፋው ዜማና የታመነው መታሰቢያ

ሰው የሞተበትን ዘመድ ለማሰብ ሲል ከትዝታው የጎደለውን ከራሱ ጨምሮ ቢሞላ፥ ያ መታሰቢያ የሟቹ ነው ወይስ የራሱ? በፍቅር የተደረገ ጭማሪስ እንደ ሐሰት ይቈጠራልን? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስላል። ዳሩ ግን ጉዳዩ በየቤቱ ያለ ነውና፥ በአንዲት ሴት ታሪክ አስመስሎ መናገር ነገሩን ሳያቀል አይቀርም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ፥ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚገነጠል መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰላ ድንጋይ፥ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ተቀምጠውባት የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ዛሬም ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደው ተሳላሚ ያልፍባታል። አገሩ ደጋ ነው። ብርዱ ይጠናል፥ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፥ ማገዶውም አብዛኛውን ጊዜ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። አንዲት ሴት በዚህች ከተማ ከአያቷ ዘንድ አደገች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ተወሰደች፤ በዚያም ተማረች፥ ሥራ ያዘች፥ ወለደች። አያቷም በእርጅና ዐረፉ።

አያቲቱ በሕይወት ሳሉ እንጀራ በሚጋግሩበት ጊዜ ሁሉ አንድ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበረ። ከማድ ቤት ውጭ ግን ማንም ሲያንጎራጉሩ ሰምቷቸው አያውቅም። ሙት ዓመታቸው በቀረበ ጊዜ የልጅ ልጆቻቸው ተሰብስበው ስለ ዝግጅቱ ሲመክሩ፥ ይህች ሴት «የእማማን ዜማ እኔ ፈልጌ አመጣለሁ፤ በቴፕ ተቀርጾ ልጆቻችን ይስሙት» ብላ ቃል ገባች። ቃሉን ስትገባ ዜማውን የምታውቀው መስሏት ነበረ። ወደ ቤቷ ተመልሳ ልታንጎራጉረው ብትሞክር ግን መጀመሪያውና መጨረሻው መጣላት፥ መካከሉ ጠፋባት። ያንን መካከል ለመፈለግ ወደ ሰላ ድንጋይ ወጣች።

በመጀመሪያ የፈለገችው ቃሉን ነው። ዜማ ያለ ቃል አይኖርም፥ ቃሉ ከተገኘም ዜማው ተከትሎ ይመጣል ብላ አሰበች። አሳቧ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሴቶች በወፍጮ ላይ ተንበርክከው ሲፈጩ የሚያወጡት እንጉርጉሮ ቃል አለው፤ የባል ክፋት፥ የአማት ጭካኔ፥ የናፍቆት ነገር ይነገርበታል፤ መጁ ወደ ፊት ሲገፋና ወደ ኋላ ሲመለስ ስንኙም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። የምጣዱ ነገር ግን ሌላ ነው። የቅጠል እሳት ጢሱ ብዙ ስለ ሆነ፥ አፏን ከፍታ የምትዘፍን ጋጋሪ ሳል ይይዛታል። ስለዚህ አያቲቱ አፋቸውን ገጥመው ነበረ የሚያንጎራጉሩት። ቃሉ አልጠፋም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ይህን ለማወቅ ግን ሴቲቱ ብዙ ቀን ፈጀባት።

የአያቷን ጎረቤቶች እየዞረች የምታስታውሰውን እያንጎራጎረች «ይህን ታውቁታላችሁን?» ብላ ጠየቀች። አንዲቱ «ይህማ የሠርግ ነው» አለቻት። ሁለተኛይቱ «ልጅ ማባበያ ነው፥ እናቴ ትለው ነበረ» አለች። ሦስተኛይቱ ደግሞ የወፍጮ ነው ብላ ማለች። «አላውቀውም» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ዐወቁት፥ ሁሉም ግን የተለያየ ነገር ዐወቁ፤ እያንዳንዳቸውም የጎደለውን መካከል ከየራሳቸው ሞልተው ሰጧት። ዐሥረኛው ቤት ስትደርስ ያንጎራጎረችው ዜማ በመጀመሪያው ቤት ካንጎራጎረችው ጋር አንድ አልነበረም። ከሠርጉ ጥቂት፥ ከማባበያው ጥቂት ገብቶበት ነበረ፤ እርሷ ግን ይህን አላስተዋለችም።

ከዚያ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ወርዳ አንድ አዝማሪ ፈለገች። አዝማሪው ትሑትና በሥራው የሠለጠነ ሰው ነበረ። የምታስታውሰውን ሰምቶ ማሲንቆውን አንሥቶ ቃኘ። የአገራችን የዘፈን ቅኝት አራት እንደ ሆነ ይነገራል፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዱም በአምስት ድምፅ የሚዞር ነው። አዝማሪው በባቲ ሞከረው፥ አልወደደውም፤ በትዝታ ሲመታው ግን ፊቱ በራ። የእርሷን መጀመሪያ ከእርሷ መጨረሻ ጋር በሚያምር መካከል አገናኘው። ሴቲቱም አለቀሰች። «ይኸው ነው! ይኸው ነው!» አለች። አዝማሪውም «እመቤቴ፥ እኔ የመታሁት የሚስማማውን ነው እንጂ እርሳቸው ያሉትን አላውቅም» አላት። ቃሉ የእውነተኛ ሰው ቃል ነበረ፤ እርሷ ግን በልቅሶ ላይ ስለ ነበረች አልሰማችውም።

የተቀረጸውን ይዛ በዚያ ሌሊት ደጋግማ አደመጠችው። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ነገር አስደነገጣት። መሣሪያውን አጥፍታ የአያቷን ድምፅ ልታስብ ብትሞክር፥ የሚመጣላት የማሲንቆው ድምፅ ሆነ። ቀድሞ የነበራት መጀመሪያና መጨረሻ እንኳ ከማሲንቆው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። ጎደሎ ነገር ይዛ ሄዳ ሙሉ ነገር ይዛ ተመለሰች፤ በእጇ የነበረውን ግን ልታጣው ደረሰች። በማግሥቱ ወደ ሰላ ድንጋይ ተመልሳ ሕፃን ሳለች ፊደል ወዳስቈጠሯት መሪጌታ ቤት ሄዳ ነገሩን ሁሉ አጫወተቻቸው።

መሪጌታው ሰምተው ሲያበቁ «ለምን አለቀስሽ?» ብለው ጠየቋት።

«የኔታ፥ ዜማው እርሱ ስለ ሆነ ነዋ» አለች።

«ትዝታ ሲመታ ያላለቀሰ ማን አለ? አያት የሌለውም ያለቅሳል። ስሙ ራሱ ትዝታ ነውና የሌለ ትዝታ ያመጣል። እንባሽ መናፈቅሽን ይመሰክራል እንጂ፥ ዜማው የማን እንደ ሆነ አይመሰክርም» አሏት።

እርሷም «እንግዲያማ በጽሕፈት ቢቀመጥ ኖሮ አይጠፋም ነበረ፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በምልክት ስለ ተጻፈ አይደለምን እስከ ዛሬ የኖረ?» ብላ ተከራከረች።

መሪጌታው ከመደርደሪያቸው አንድ የብራና ድጓ አውርደው ገለጡላት። በቃሉ ራስ ላይ የተጻፉትን ደቃቅ ፊደሎች እያሳዩ አስረዷት። ዜማውን ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደ ደረሰው ይነገራል። እነዚህ ምልክቶች የተሠሩት ግን ከእርሱ በኋላ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሲሆን፥ የሠሯቸውም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ሊቃውንት ያስተምራሉ። በመካከል ያለውን ያን ሁሉ ዘመን ዜማው የኖረው በአፍ ነው። ምልክቱም ቢሆን ድምፁ ምን ያህል ከፍ፥ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል አይናገርም። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ያም ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከሚያውቀው ከሌላ ስፍራ ዜማ የተወሰደ ነው፤ «እዚህ ላይ ያንን በለው» ማለት ነው። ያንን የማያውቅ ሰው ምልክቱን ቢያይ ፊደል ያነብባል እንጂ አይዜምለትም።

«ስለዚህ» አሏት መሪጌታው፥ «ምልክት የሚያውቀውን ያስታውሰዋል፥ የማያውቀውን አያስተምረውም። አያትሽ መጽሐፍ ትተውልሽ ቢሆን ኖሮ እንኳ የሚያነብልሽ አፍ ያስፈልግሽ ነበረ። አሁንም መጽሐፉን ተዪና አፉን ፈልጊ። ከአንቺ በቀር ዜማውን ከቅርብ የሰማ ማን አለ?»

አንዲት አክስት ነበረች፤ የአያቲቱ ታናሽ ልጅ፥ ከእናቷ ጋር እስከ መጨረሻ የኖረች፥ ዛሬ በዕድሜ የገፋች ሴት። ሴቲቱ ወደ እርሷ ለመሮጥ ስትነሣ መሪጌታው አስቆሟትና አንድ ነገር አስጠነቀቋት።

«እንደ ጎረቤቶቹ እንዳታደርጊ። አንቺ አስቀድመሽ ካንጎራጎርሽላት የምትመልስልሽ የራስሽን ነው። ምስክር የሚጠየቀው ሌላው ምስክር የተናገረውን ሳይሰማ ነው። ዝም በይ፥ እርሷ ትጀምር። በአንቺና በእርሷ መካከል አንድ የሆነውን ያዢ። የተለያየውንም ከሁለት አንዱን አትምረጪ። ብል የበላው ብራና ሲገለብጥ ጠንቃቃ ጸሓፊ የጠፋውን ስፍራ ባዶ ይተወዋል እንጂ ከልቡ አይሞላውም፤ ዛሬ ባዶ የተወውን ነገ ሌላ ቅጂ የሚያገኝ ሰው ይሞላዋል፤ ዛሬ ከልቡ የሞላውን ግን ማንም አያርመውም፥ መጉደሉን የሚያውቅ የለምና።»

ሴቲቱ ወደ አክስቷ ሄዳ ሳታንጎራጉር «እማማ ሲጋግሩ የሚሉት ዜማ ትዝ ይልሻል ወይ እትዬ?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። አክስቲቱ «የምን ዜማ? እማዬ ዘፍና አታውቅም» አለች። ብትመልስ ብታሰላስል ሌላ ነገር አልተገኘም። ሴቲቱ ተስፋ ቈርጣ ወደ መሪጌታው ተመለሰች። እርሳቸውም ጥቂት አስበው «አፏን ጠየቅሽ፥ እጇን አልጠየቅሽም። የእኔ ደቀ መዝሙር ዜማውን የሚጠፋበት ቁጭ ብሎ ሲያስበው ነው፤ መቋሚያውን አስይዤ ሳቆመው እግሩ ያስታውሰዋል። ሂጂና እንጀራ ጋግሪልኝ በያት» አሏት።

በማግሥቱ ማለዳ አክስቲቱ ምጣዷን ጣደች። ሴቲቱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የቅጠሉን ክምር እያቀበለች ዝም ብላ ተመለከተች። አክስቲቱ የተወቀጠ ጎመን ዘር በምጣዱ ላይ ነስንሳ በማሰሻው ጨርቅ አሰሰች፤ በዚያን ጊዜ ሁለት አጭር ድምፅ ከአፍንጫዋ ወጣ። ሊጡን ከጠርዝ ጀምራ እያዞረች ወደ መካከል ስታፈስስ በአንድ ትንፋሽ ረዥም ሆኖ የሚወርድ ድምፅ አወጣች፤ ሊጡ መካከል ሲደርስ ትንፋሹም አለቀ። የእንጀራው ዐይን እስኪወጣ ዝም አለች። አክንባሎውን ከደነች። ወዲያው ጎንበስ ብላ ቅጠል በእፍኝ እያነሣች ወደ እሳቱ ስትጨምር፥ በእያንዳንዱ እፍኝ አንድ ትንሽ የምትመላለስ ዜማ አለች። አክንባሎውን ከፍታ እንጀራውን በሰፌድ ስታወጣ መዝጊያውን አሰማች። ከዚያም እንደ ገና ማሰሻውን አነሣች።

ሴቲቱ የሁለቱን አጭር ድምፅና የሚወርደውን ረዥም ድምፅ ወዲያው ዐወቀቻቸው፤ የእርሷ መጀመሪያ እነርሱ ነበሩና። አሁን ግን ያልጠበቀችውን ነገር አስተዋለች። ያች በቅጠሉ ላይ የምትመላለሰው ትንሽ ዜማ፥ በመጀመሪያው እንጀራ ሦስት ጊዜ ተባለች። ምጣዱ በደንብ ከጋለ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነች። እርጥብ ቅጠል በመጣ ጊዜ፥ እሳቱ አልነድ ስላለ፥ አምስት ጊዜ ተመላለሰች። እንግዲህ መካከሉ ከቶ አልጠፋም ነበረ፤ ልክ አልነበረውም እንጂ። እርሷ አንድ ልክ ያለው ነገር ስትፈልግ ነበረና አላገኘችውም። ጎረቤቶቹም አዝማሪውም የሰጧት ሁሉ በልክ የተቈረጠ ስለ ነበረ አንዱም ሊገጥም አልቻለም። በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ስትጋግር ዜማው ለምን እንዳልመጣላትም ያን ጊዜ ገባት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቅጠል አይጠይቅም፤ እጅ ሥራ በሚፈታበት ስፍራ ያ ዜማ የሚቆምበት መሬት የለውም።

ሰባተኛው እንጀራ ላይ አክስቲቱ የልጅቱን ዕንባ አይታ «ምን ሆንሽ?» አለቻት። «የእማማ ዜማ» አለች ሴቲቱ። አክስቲቱ እጇን በሊጡ ዕቃ ላይ እንዳደረገች ቆመች፤ ከብዙ ዝምታ በኋላም «ይህ የእርሷ ነው እንዴ? የእኔ መስሎኝ ነበረ» አለች።

አንድ ነገር ግን ሳይገጥም ቀረ። ሴቲቱ የምታስታውሰው መዝጊያ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የአክስቲቱ መዝጊያ ወደ ላይ ይወጣ ነበረ። አያቲቱ ዘመናቸው ሲገፋ ለውጠውት ይሆናል፤ አክስቲቱም ሳታውቅ የራሷን አድርጋው ይሆናል፤ በአዲስ አበባ የኖረችውም ሴት በብዙ ዓመት ርቀት አጣምማው ይሆናል። የሚፈርድ ሦስተኛ ምስክር አልተገኘም። ሴቲቱም መሪጌታው እንዳሉት ሁለቱንም ያዘች፥ አንዱንም አልመረጠችም።

በሙት ዓመቱ ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ከበላ በኋላ የተቀረጸው ተሰማ። የማድ ቤት ድምፅ ነበረ፤ ቅጠል ሲንጫጫ፥ ሊጥ ሲንሸሸሽ፥ በመካከሉም አፏን የገጠመች ሴት ስታንጎራጉር። ታላቅ ወንድሟ ያዘነ መሰለ። «የማሲንቆው አይሻልም ነበረን? እርሱ ያምራል፥ ሙሉም ነው፤ ይህ እኮ መጨረሻው እንኳ አልታወቀም» አላት። እርሷም የአዝማሪውን አምጥታ አሰማች፤ አልደበቀችውም፥ አላጠፋችውምም። ከማሰማቷ በፊት ግን «ይህ ለእማማ የተመታ ነው፤ ያኛው ግን የእማማ ነው» ብላ ለየችው። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ በማሲንቆው አለቀሱ። አክስቲቱ ግን ቅጠሉ ሲንጫጫ ነበረ ያለቀሰችው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልስ አለ። በፍቅር የተጨመረ ነገር ሁሉ ሐሰት አይደለም። አዝማሪው አልዋሸም፤ «የሚስማማውን መታሁ» ብሎ ሥራውን በስሙ ጠርቶታልና። ጎረቤቶቹም ሊያታልሉ አልፈለጉም። ሐሰቱ የሚጀምረው ጭማሪው ስሙን ጥሎ የሟቹን ስም ሲወስድ ነው። በዚያን ጊዜ ጭማሪው ጎደሎውን የሚሞላው ብቻ አይደለም፤ የተረፈውንም ይውጠዋል፥ ማሲንቆው የአያቲቱን ድምፅ ሊውጠው እንደ ነበረ። ሰው የሞተበትን ሲናፍቅ ሙሉ ነገር ይመኛል፥ ይህም ተፈጥሮው ነው። ዳሩ ግን ሟቹ ትቶት የሄደው ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። ያንን ጎደሎ እንደ ጎደለ መጠበቅ ሟቹ ከሚያስበው ሰው የተለየ፥ የራሱ ሕይወት የነበረው ሰው እንደ ነበረ ማክበር ነው።

ሴቲቱ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዛ አልሄደችም፤ የምታነድበት የላትም። በኤሌክትሪኩ ምጣድ ላይ ስታሰስ ሁለቱን አጭር ድምፅ፥ ስታፈስስም ረዥሙን ታሰማለች። ቅጠል በሚጨመርበት ስፍራ ግን ዝም ትላለች። ልጇ «እዚህ ላይ ምን ነበረ?» ብላ ስትጠይቃት «እሳት ነበረ» ትላታለች።